የፋሲካው በሬ ሥጋ ለምን ይጠቁራል? ከገበያ እስከ ቢላዋ ያለ አያያዝ

በፋሲካ ማግስት ቅርጫ የተካፈለ ሰው የሚያየው ነገር ነው። ሁለት ግቢ ተመሳሳይ የሚመስሉ ሁለት በሬዎች ይታረዳሉ። የአንዱ ሥጋ በማግስቱ ደማቅ ቀይ ሆኖ፣ ሲቆረጥ ወዛ ብሎ ይታያል። የሌላው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጥቁር ነው፤ ፊቱ ደረቅ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ፣ ጥብስ ሲሆን ደግሞ የሚያለፋ። ሰዎች "አርጅቶ ነበር" ወይም "ታሞ ነበር" ይላሉ። እውነትም አንዳንዴ እንዲያ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን በሬው ጤነኛ ነበር፤ ሥጋው የተበላሸው ከመታረዱ በፊት በነበሩት ሦስት አራት ቀናት፣ በመኪና ላይ፣ በገበያና በግቢው ውስጥ ነው።

ይህ መመሪያ በግቢ ለሚታረድ የቅርጫ በሬ የተጻፈ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይዞ ይሄዳል፦ በጡንቻ ውስጥ ያለው የስኳር ክምችት እንዴት እንደሚያልቅና እንዳያልቅ ምን እንደሚደረግ።

መጀመሪያ፣ ሥጋው ውስጥ የሚሆነው

የበሬ ጡንቻ ግላይኮጅን የሚባል የተጠራቀመ ስኳር አለው። ደህና የበላና ያረፈ በሬ በኪሎ ጡንቻ ወደ 15 ግራም ያህል ይይዛል። በሬው ሲታረድ የደም ዝውውሩ ይቆማል፣ አየር ለጡንቻው መድረሱ ይቀራል፣ ጡንቻው ግን ወዲያው አይሞትም። ያለ አየር ያንን ስኳር እያቃጠለ ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጠዋል። አሲዱን የሚወስድለት ደም ስለሌለ እዚያው ይጠራቀምና ሥጋውን ያጎመዝዘዋል።

የአሲዱ መጠን የሚለካው በፒኤች ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው። በሕይወት ያለ በሬ ጡንቻ ከ7.0 እስከ 7.2 ነው። በደንብ የተያዘ በሬ ሥጋ ከታረደ ከ24 ሰዓት በኋላ ከ5.4 እስከ 5.7 ባለው ውስጥ ይቆማል። እዚያ ለመድረስ በኪሎ ጡንቻ 9 ግራም ገደማ ግላይኮጅን ያስፈልጋል። 15 ያለው በሬ 6 ግራም ያህል ተርፎት ይደርሳል፤ ስለዚህ ትንሽ ቢደክምም ሥጋው ላይ ምንም አይታይም። አደጋው ከ9 በታች ሲወርድ ነው። ስኳሩ በመንገድ ያልቃል፣ አሲዱ ይቋረጣል፣ ሥጋው በ6.0 ወይም በ6.3 ላይ ይቀራል።

ክምችቱን የሚያራግፉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የጡንቻ ሥራ ነው፦ መዋጋት፣ መጫጫን፣ በሚንቀጠቀጥ መኪና ላይ ላለመውደቅ ለሰዓታት መታገል። ሁለተኛው ፍርሃት የሚያፈሰው አድሬናሊን ነው፤ በሬው ቆሞ እያለ እንኳ ከጡንቻው ስኳር ያስወጣል። ጾም ብቻውን፣ በሬው ከተረጋጋ፣ በአንድ ቀን ብዙ አይጎዳም። በሬ ከሰው የሚለየው በመተካቱ ላይ ነው። የሚያመነዥግ እንስሳ ስለሆነ የሚበላው መኖ በቀጥታ የደም ስኳር አይሆንለትም። ያጣውን ግላይኮጅን ደህና እየበላ እንኳ በቀን በኪሎ 1 ግራም ገደማ ብቻ ነው የሚመልሰው። በአንድ ሌሊት ጠብ ያጣውን ለመመለስ ብዙ ቀን ይፈልጋል።

1. አስቀድሞ መግዛት

ከሁዳዴ ጾም በኋላ ፍላጎቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለሚፈነዳ በሬዎች ከሩቅ በችኮላ ይመጣሉ። ከቦረና የሚጫነው በሬ አዲስ አበባ እስኪደርስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በአይሱዙ ላይ ቆሞ ይጓዛል። ከዚያ ካራ አሎ ወይም ሸጎሌ ገበያ ከማያውቃቸው በሬዎች ጋር ይውላል፣ ከገበያው ደግሞ እንደገና ይነዳል። ስለዚህ ለእሑድ የሚታረደውን በሬ ሐሙስ ወይም ዓርብ መግዛት በጣም መጥፎው ምርጫ ነው። ድካሙ ገና አልወጣለትም፣ ለመተካት ደግሞ ጊዜ የለውም።

ቢያንስ ከስድስት ቀን በፊት ግዙ፤ ለፋሲካ ከሆነ ከሆሳዕና ማግስት ሰኞ ማለፍ የለበትም። ያን ያህል ቀን በግቢ ማቆየት ካልተቻለ በሬውን ገዝቶ እዚያው ባደገበት ወይም በደለበበት በረት ትቶ፣ በመጨረሻው ቀን በአጭር መንገድ ማምጣት ይሻላል። በቅርብ ካለ አድላቢ መግዛት ከገበያ ከመግዛት የሚበልጠው በዚህ ነው።

ሲመረጥ ከውፍረቱ ሌላ ጠባዩን እዩ። የተኮላሸ ሰንጋ ከኮርማ ይልቅ ይረጋጋል፤ ኮርማ ሌላ ኮርማ ካየ ስኳሩን በጠብና በመጫጫን ይጨርሰዋል፣ ጥቁር ሥጋም በብዛት የሚመጣው ከእሱ ነው። የእርሻ በሬ ገመድና ሰው ስለለመደ መታሰር አያስደነግጠውም። በሰፊ መስክ ያደገ የቆላ በሬ ግን መታሰሩ ራሱ ጭንቀት ነው፤ እንዲህ ያለውን በጠባብ አጥር ውስጥ ሳይታሰር ማቆየት ይመረጣል። የሚንጎራደድ፣ ዓይኑን የሚያፈጥ፣ ጅራቱን ሳያቋርጥ የሚወራጭ፣ ከጎኑ ላይ ትኩስ የቀንድ ጭረት ያለበትን በሬ፣ ዋጋው ቢቀንስም ተዉት።

2. ማምጣት

በእግር ከሆነ በማለዳ ወይም ወደ ማታ፣ በራሱ ርምጃ ይምጣ። በመኪና ከሆነ ወለሉ ላይ አሸዋ ወይም ድርቆሽ ይነጠፍ። የሚያንሸራትት ብረት ላይ የሚቆም በሬ ሙሉውን መንገድ ጡንቻውን ወጥሮ ነው የሚሄደው። ብቻውን በሰፊ መኪና ላይ መጫን ጥሩ አይደለም፤ በየኩርባው ይወረወራል፣ ብቸኝነትም ያስፈራዋል። ከአንድ በረት የመጡ ሁለት በሬዎች አብረው ቢጫኑ ይረጋጋሉ። ከተለያየ ቦታ የተገዙ ከሆኑ ግን በመካከላቸው እንጨት ይጋረድ።

ጅራት መጠምዘዝና ዱላ ስኳሩን ከማራገፍ ሌላ በዓይን የሚታይ ጉዳትም ይተዋሉ። የተመታው ቦታ ደም ይቋጥራል፣ ያ ሥጋ በቅርጫው ላይ ተቆርጦ ይጣላል። በሬ እንዲራመድ ከትከሻው ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከጎኑ ሆናችሁ ቅረቡት፤ ወደ ፊት ይሄዳል። ፊቱ ላይ ከቆማችሁ ይቆማል ወይም ይመለሳል። ይህን ያወቀ ሰው ዱላ እምብዛም አያነሳም።

3. በግቢ ማቆየት

በዚህ ደረጃ የሚሠራው ስህተት ከሌላው ሁሉ ይከፋል፤ ሁለት የማይተዋወቁ በሬዎችን በአንድ ግቢ መልቀቅ። የሁለት ቅርጫ ማኅበር ጎረቤታሞች ቦታ ለመቆጠብ በሬዎቻቸውን አንድ ላይ ያስገባሉ። በሬዎቹ ማን የበላይ እንደሆነ ለመወሰን ሌሊቱን ሲጋፉና ሲጫጫኑ ያድራሉ፤ የጥቂት ሰዓት ጠብ የጡንቻውን ስኳር በግማሽ ሊያወርደው ይችላል። ለየብቻ አድርጓቸው። ጥንድ ሆነው ያረሱ በሬዎችን ከገዛችሁ ግን አትለያዩአቸው፤ ያን ጊዜ የሚያስጨንቃቸው መለየቱ ነው።

ቦታው ጥላ ያለው፣ ከመንገድና ከውሻ የራቀ፣ ማታ የሚያበራ አምፖልና ጮክ ያለ ሙዚቃ የሌለበት ይሁን። ገመዱ መተኛትና መነሳት የሚያስችል ርዝመት ይኑረው፤ ተኝቶ የሚያመነዥግ በሬ ክምችቱን እየመለሰ ነው። በየቀኑ ቆማችሁ የምትመለከቱት ምልክትም ይኸው ነው። በሁለተኛው ቀን ማታ ካልተኛና ካላመነዠገ አንድ የሚረብሸው ነገር አለ፤ ፈልጋችሁ አስወግዱት።

ውኃ ምን ጊዜም ከፊቱ አይጥፋ፤ እንደ ሙቀቱ በቀን ከ30 እስከ 50 ሊትር ይጠጣል። መኖው ደረቅነቱ ሲታይ ከክብደቱ ከ2 እስከ 2.5 በመቶ ይሁን፤ 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ ከ6 እስከ 7.5 ኪሎ ማለት ነው። ድርቆሽ ብቻ ከሆነ ስኳሩ በጣም በዝግታ ነው የሚመለሰው፤ ፉሩሽካና ትንሽ ፋጉሎ ሲጨመር ይፈጥናል። በመጀመሪያው ቀን 1 ኪሎ፣ ከዚያ በየቀኑ ግማሽ ኪሎ እየጨመራችሁ እስከ 2 ወይም 2.5 ኪሎ አድርሱት። "ቶሎ ይበርታ" ብሎ በአንዴ ብዙ እህል መስጠት ሆዱን ይነፋዋል፣ የከርሱን አሲድ ያበዛዋል፤ የታመመ በሬ ደግሞ አይበላም፣ ያለውንም ያጣል።

መኖ ከመታረዱ 12 ሰዓት በፊት ይነሣበት። የዚህ ጥቅሙ ከርሱ ቀለል ብሎ ሆድ ዕቃው ሲወጣ እንዳይቀደድ ነው። ውኃ ግን እስከ መጨረሻው ይተው። ከ24 ሰዓት በላይ ማስራብ ምንም የሚጨምረው ጥሩ ነገር የለም።

4. የመጨረሻው ሩብ ሰዓት

እስከዚህ ያለው ሁሉ ፒኤቹን የሚወስን ነው። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የሚደርስ ድንጋጤ ግን ፒኤቹ 5.5 ላይ ቢያርፍም ሥጋውን ሊያጠነክረው ይችላል። ስለዚህ የቀናት ትዕግሥት በመጨረሻው ትርምስ እንዳይበላሽ ሁሉም ነገር በሬው ከመምጣቱ በፊት ይዘጋጅ፤ ቢላዋው ተስሎ፣ ገመዱ ተዘርግቶ፣ መሬቱ እንዳያንሸራትት ቅጠል ወይም ገለባ ተነጥፎ፣ ልጆችና ተመልካች ራቅ ብለው። ጸሎቱ፣ "በስመ አብ"ም ሆነ "ቢስሚላህ"፣ በሬው ወድቆ እየታገለ እያለ አይራዘም። ረጅሙ ምርቃት አስቀድሞ ይደረግ፣ ቢላዋው ሲያርፍ የሚባለው አጭሩ ይሁን።

በሬን እግሩን ጠልፎ፣ ስድስት ሰው ተረባርቦ መጣል የተለመደ ነው፤ የተሻለው ግን በአንድ ገመድ ማስተኛት ነው። ከ10 እስከ 12 ሜትር የሆነ ጠንካራ ገመድ ያዙ። አንዱን ጫፍ አንገቱ ሥር በማይጠብቅ ቋጠሮ እሰሩ፤ የሚጠብቅ ከሆነ ያንቀዋል። ገመዱን በጀርባው በኩል ወደ ኋላ ወስዳችሁ፣ ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን አዙራችሁ በራሱ በገመዱ ሥር አሳልፉት። ሌላ ተመሳሳይ ዙር ከኋላ እግሮቹ ፊት ለፊት ሆዱ ላይ አድርጉ፤ ብልቱን እንዳይጫን ተጠንቀቁ። አንድ ሰው ራሱን ይያዝ፣ ሁለት ሰው የገመዱን ጫፍ ቀጥ አድርገው በዝግታ ሳያቋርጡ ወደ ኋላ ይሳቡ። ዙሮቹ ሲጠብቁ በሬው ጉልበቱ ይከዳውና ራሱ ይተኛል። በመንጫጨት የሚሳብ ከሆነ ግን ይደነግጥና ይዘላል። እንደተኛ ወዲያው፣ በረጅምና በተሳለ ቢላዋ፣ ሳይነሣ በሚያልፍ እንቅስቃሴ ይታረድ።

ሁለተኛ በሬ ካለ ከመጋረጃ ኋላ ይቆይ። የመጀመሪያው ሲንፈራገጥ ማየቱና ብቻውን መቅረቱ የእሱንም ሥጋ ይነካል።

5. መለካትና ማየት

በግቢ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ይህ ነው፤ ከታረደ በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ የተቆረጠ ሥጋ፣ በሬው ምንም ያህል ቢረጋጋ፣ ጠቆር ይላል። አሲዱ ገና አልወጣም። ለቁርጥ ጠዋት የሚቀርበውን ትኩስ ሥጋ አይቶ "ይህ በሬ ተጨንቋል" ማለት አይቻልም። ፍርዱ የሚሰጠው በማግስቱ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ነው።

መለኪያ ካላችሁ፣ ለሥጋ የተሠራ ሹል ጫፍ ያለው ይሁን። በመጀመሪያ በ7.00 ከዚያ በ4.01 ማስተካከያ ፈሳሽ አስተካክሉት፤ የፈሳሹ ሙቀት ከሥጋው ጋር የተቀራረበ ይሁን። ከአከርካሪው ጎን የሚሄደውን የሽንጥ ሥጋ በ12ኛውና በ13ኛው ጎድን መካከል በቢላዋ ወጋ አድርጉና ጫፉን ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አስገቡ። ስብና ጅማት እንዳይነካ፤ ስብ የነካ ጫፍ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ ሲረጋ አንብቡ፣ በተጣራ ውኃ አጥቡ፣ ከሁለት ቦታ ደግማችሁ ለኩ። ተራ የፈሳሽ መለኪያ ብቻ ካለ 10 ግራም ሥጋ በ90 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ ውስጥ ፈጭታችሁ መለካት ይቻላል። በወረቀት መለካት አይሠራም፤ የሥጋው ቀለም ወረቀቱን ያበላሸዋል።

ንባቡ እስከ 5.7 ከሆነ ጥሩ ነው። ከ5.8 እስከ 6.2 ያለው ከሁሉ የሚጠነክረው ነው። ይህ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ነው፤ ሥጋው በዓይን ገና ብዙም አልጠቆረም፣ ነገር ግን የጡንቻው ክሮች ይበልጥ ይኮማተራሉ፣ ከእርድ በኋላ ሥጋን የሚያለሰልሱት ኢንዛይሞችም በዚህ መካከለኛ አሲድ ደህና አይሠሩም። ከ6.3 በላይ ሲሆን እነዚያው ኢንዛይሞች እንደገና ይነቃሉና ሥጋው ይለሰልሳል፤ ልስላሴው ግን የላሸቀ፣ ጣዕም የራቀው ነው።

መለኪያ ከሌለ በማግስቱ ከሽንጡ አዲስ ፊት ቁረጡና በቀን ብርሃን 30 ደቂቃ ለአየር ተዉት። ጥሩ ሥጋ በዚህ ጊዜ ይቀላል። የተጨነቀ በሬ ሥጋ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ምክንያቱም አሲድ ያላገኘው ጡንቻ አየሩን ራሱ ይበላዋል፣ ለቀለሙ ለማዮግሎቢን የሚተርፍ የለም፤ ክሮቹም ውኃ ይዘው ስላበጡ ብርሃኑን ወደ ውስጥ ይውጣሉ እንጂ አይመልሱትም። ከዚያ ቁራጩን ነጭ ሶፍት ላይ አስቀምጡት፤ ጥሩው እርጥበት ይተዋል፣ ጥቁሩ ደረቅ ይተዋል። ጣታችሁንም አስነኩ፤ መጣበቁ ሦስተኛው ምልክት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አትቀላቅሉ። ቀለሙ ጥሩ ሆኖ ሥጋው ጠንካራ ከሆነ፣ ምክንያቱ ሥጋው ሳይደርቅ በትኩሱ ከአጥንት መለየቱ ሊሆን ይችላል፤ የሚይዘው አጥንት የሌለው ትኩስ ጡንቻ ይኮማተራል። ትኩሱን ወዲያው ማቀዝቀዣ መክተትም እንዲሁ ያደርጋል። ሥጋው ጠቁሮ ደግሞ በሬው ከመታረዱ በፊት ትኩሳት፣ ማስቀመጥ ወይም አለመብላት ከነበረበት፣ ጭንቀት ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። የእንስሳት ሐኪም ሳያየው አይበላ።

በዶሮና በአሳማ ነገሩ ይገለበጣል። በእነሱ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ድንጋጤ አሲዱን ሥጋው ገና ትኩስ እያለ ያፈጥነዋል፣ ሥጋውም የገረጣ፣ የላላና ውኃ የሚያንጠባጥብ ይሆናል። በበሬ ይህ ብዙም አይታይም።

አንድ ምሳሌ በቁጥር

ከቦረና የተጫነ 300 ኪሎ በሬ እንውሰድ። ሲጫን በኪሎ 15 ግራም ነበረው፤ መንገዱና ገበያው 6 ግራም ወስደው ረቡዕ ዕለት ወደ 9 ግራም አወረዱት። ሐሙስ ገዝታችሁ ከጎረቤት በሬ ጋር አንድ ግቢ አስገባችሁት፣ ሌሊቱን ሲጋጩ 4 ተጨማሪ አጣ፤ 5 ቀረው። ዓርብና ቅዳሜ ደግሞ እየተጨነቀ እምብዛም አልበላም፣ ብንል 1 ተመለሰለት። እሑድ ንጋት 11 ሰዓት ሲታረድ 6 አለው። 9 ግራም ፒኤቹን ከ7.1 ወደ 5.5 በ1.6 ያወርዳል ካልን፣ 6 ግራም በ1.1 ገደማ ያወርደዋል፤ ሰኞ ጠዋት የሚነበበው 6.0 አካባቢ ነው። የጠነከረው ክልል መሐል ማለት ነው።

ያው በሬ ሰኞ ተገዝቶ፣ ለብቻው ታስሮ፣ ፉሩሽካና ድርቆሽ እያገኘ አምስት ቀን ቢያርፍ ከ9 ወደ 13 ወይም 14 ይመለሳል። የመጨረሻው ጠዋት 2 ቢወስድበት እንኳ ከሚያስፈልገው በላይ አለው፤ ሥጋው በ5.5 አካባቢ ያርፋል። ስሌቱ ሸካራ ነው፣ በበሬና በበሬ፣ በጡንቻና በጡንቻ ይለያያል፤ ቀናቱ ምን ያህል እንደሚመዝኑ ግን ያሳያል።

6. ሥጋው ጠቁሮ ከተገኘ

ጥቁርነቱ ብቻውን መርዝ አያደርገውም፣ ነገር ግን ቶሎ ይበላሻል። አሲዱ ስላነሰ ባክቴሪያን የሚከለክል ነገር የለም፤ ስኳርም ስላልተረፈ ባክቴሪያው በቀጥታ ወደ ፕሮቲኑ ይሄዳል፣ መጥፎው ሽታ ቀድሞ ይመጣል። ስለዚህ ለጥሬ ቁርጥና ለክትፎ አታውሉት። በሁለት ቀን ውስጥ አብስሉት፣ ወይም በትንሽ በትንሹ አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት። አየር በተሳበ ፕላስቲክ ማሸግ አያድነውም፤ ከ6.0 በላይ ባለ ሥጋ ላይ ብቻ የሚያድጉ ባክቴሪያዎች እዚያ ውስጥ አረንጓዴ ያደርጉታል።

ለቋንጣ ከተፈለገ ውኃውን አጥብቆ ስለሚይዝ ቶሎ አይደርቅም። ዘልዘሉን ከወትሮው አቅጥኑት፣ ጨውና ሎሚ አሽታችሁ ነፋስ በሚገባበት ስቀሉት። ለወጥና ለተፈጨ ሥጋ ግን ደህና ነው፤ ውኃውን ስለማይለቅ ሲበስል አይኮማተርም። ሲጠበስ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የዚህ ሥጋ ቀለም በሙቀት ቶሎ አይለወጥም፣ በደንብ የበሰለው እንኳ መሐሉ ቀይ ሆኖ ይታያል። በቀለሙ ሳይሆን በቆይታው ወይም በሙቀት መለኪያ ፍረዱ፤ መሐሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ በስሏል።